በሁለት አነስተኛ ድርጅቶች መካከል የሚጻፍ የሽርክና ሐሳብ ማቅረቢያ ደብዳቤ፦ የትርፍ፣ የኪሳራና የኃላፊነት አንቀጾቹ በፊቅህ ሚዛን

ለመስጂድ ኢማሞችና ለመድረሳ መምህራን ከሚቀርቡ የንግድ ጥያቄዎች መካከል አንዱ በወረቀት ተጽፎ የሚመጣ ነው። ሁለት አነስተኛ ድርጅቶች አንድን ሥራ በጋራ ለመሥራት ያስባሉ፤ አንዱ ለሌላው የሐሳብ ማቅረቢያ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ተቀባዩም ከመፈረሙ በፊት ደብዳቤውን ይዞ ወደሚያምነው ዓሊም ይሄዳል። ጥያቄው ብዙውን ጊዜ ስለ ትርፉ ነው፦ «ይህ ድርሻ ሐላል ነውን?» ስለዚህ የአንባቢው ዓይን በቀጥታ የትርፍ ክፍፍሉ ወደተጻፈበት መስመር ይሄዳል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንፈልገው ግን የትርፉ መስመር ተስተካክሎ እንኳ ውሉን የሚያፈርሰው ነገር ከዚያ በታች «ኃላፊነት» በሚለው አንቀጽ ውስጥ ተሸሽጎ ሊቀር እንደሚችል ነው።

ነገሩን ለማስረዳት የሚከተለውን ምሳሌ ቀርጸናል። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲቀልሉ ተደርገው የተመረጡ እንጂ የገበያ ዋጋን የሚያመለክቱ አይደሉም። አንድ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ለአንድ የልብስ ስፌት ድርጅት ደብዳቤ ጻፈ። ሐሳቡ ከግንቦት 1 እስከ ነሐሴ 30 ድረስ ባሉት አራት ወራት አንድ ሺህ የተማሪ ደንብ ልብስ ሰፍቶ ትምህርት ቤት ሳይከፈት መሸጥ ነው። መደብሩ 300,000 ብር የሚያወጣ ጨርቅ ያቀርባል። የስፌት ድርጅቱ ለሠራተኛ ደመወዝ፣ ለክርና ለአዝራር የሚሆን 200,000 ብር በጥሬ ገንዘብ ያወጣል፤ ስድስት የስፌት መኪኖቹንም ያሠራል። መደብሩ በየወሩ 15,000 ብር «የትርፍ ድርሻ» ይወስዳል፤ የቀረው ትርፍ የስፌት ድርጅቱ ነው። ሳይሸጥ የቀረ ልብስ ቢኖር የስፌት ድርጅቱ ጨርቁን በመጀመሪያው ዋጋ ለራሱ ያስቀራል። በመጨረሻም ሥራውን የሚመራው የስፌት ድርጅቱ ስለሆነ «ለሚደርሰው ማንኛውም ጉዳት ኃላፊ ይሆናል» ይላል።

ይህ ደብዳቤ በክፋት የተጻፈ አይደለም። መደብሩ ስፌት አያውቅም፤ ጨርቁን ለሌላ ሰው እጅ ሲሰጥ ይሰጋል፤ ስጋቱንም በቁጥር አሰረው። ይሁን እንጂ ሦስቱ የመጨረሻ አንቀጾች ስምምነቱን ከሽርክና አውጥተው ወደ ሌላ ነገር ይወስዱታል።

ከስሙ እንጀምር። ሁለቱም ወገኖች ካፒታል የሚያዋጡበትና ለጋራ ጥቅም የሚነግዱበት ይህ ዓይነት ስምምነት በፊቅህ ሸሪከቱል ዒናን ይባላል። መሠረቱ ውክልና ነው፤ እያንዳንዱ ሸሪክ በጋራው ገንዘብ ላይ የባልደረባው ወኪል ሆኖ ይሠራል። በሀገራችን የንግድ ሕግ ለተወሰነ ሥራ ሁለት ወገኖች የሚያቋቁሙትና የራሱ የሕግ ሰውነት የሌለው ስምምነት የእሽሙር ማኅበር ይባላል። ሁለቱ አንድ ናቸው ማለታችን አይደለም፤ በአንድ ነጥብ ግን ይቀራረባሉ። ከውጭ ያለው ሻጭ ወይም ገዢ የሚያውቀው ከእርሱ ጋር የተዋዋለውን ድርጅት ነው። ስለዚህ የስፌት ድርጅቱ በራሱ ስም አዝራር በዱቤ ቢገዛ ባለ ገንዘቡ የሚጠይቀው እርሱን ነው፤ እርሱ ደግሞ በውስጥ ሒሳብ የመደብሩን ድርሻ ይጠይቃል። በዱቤ መግዛት የሚፈቀድ ወይም የማይፈቀድ መሆኑ በደብዳቤው ሊገለጽ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ካፒታሉ ነው። የመደብሩ ድርሻ ገንዘብ ሳይሆን ጨርቅ መሆኑ በመድረሳዎቻችን ፊቅህን ለሚያስተምሩ ሁሉ የታወቀ ክርክር ያስነሳል። የሻፊዒይ መዝሀብ እንደ ጨርቅ ያለ ዕቃ በቀጥታ የሽርክና ካፒታል እንዲሆን አይፈቅድም፤ ሐነፊዮችም ካፒታሉ ገንዘብ እንዲሆን ይጠይቃሉ። የማሊኪይ መዝሀብ ግን ዕቃው በውሉ ቀን በገንዘብ ተገምቶ ግምቱ ካፒታል እንዲሆን ይፈቅዳል። መቀመጫውን ባሕሬን ያደረገው የእስላማዊ ፋይናንስ ተቋማት የሒሳብና የኦዲት ድርጅትም ስለ ሸሪካ ባወጣው 12ኛው የሸሪዓ መስፈርት ግምትን መሠረት ያደረገ መዋጮን ተቀብሏል። በሻፊዒይ መዝሀብ መቆየት ለሚፈልግ ደግሞ የኢማም አን-ነወዊይ «ሚንሃጅ» ራሱ መውጫ ያሳያል፦ አንዱ ሸሪክ ከንብረቱ የተወሰነውን ክፍል በሌላው ንብረት ክፍል ይሸጥለታል፤ ከዚያም አንዱ ለሌላው የመነገድ ፈቃድ ይሰጣል። በእኛ ምሳሌ ይህ ቀላል ነው። መደብሩ ከጨርቁ ላይ የተወሰነ እጅ ለስፌት ድርጅቱ በገንዘብ ይሸጥለታል፤ ጨርቁም ገንዘቡም የጋራ ይሆናል።

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ የማይቀረው ነገር ግምቱ ነው። 300,000 ብር የሚለው ቁጥር የመደብሩ የመሸጫ ዋጋ ነው ወይስ የገዛበት? በየትኛው ቀን? የመሸጫ ዋጋው ከሆነ መደብሩ ከጨርቁ ትርፉን አስቀድሞ አግኝቷል ማለት ነው፤ ይህ ሁለቱ ካወቁትና ከተስማሙበት ይቻላል፤ ሳይታወቅ ከሆነ ግን በኋላ የጠብ ምንጭ ይሆናል። በብዛት ያየነው ቅሬታ ከዚህ የሚነሳ ነው። መኪኖቹ ደግሞ ከካፒታሉ ተለይተው መጻፍ አለባቸው። የስፌት ድርጅቱ መኪኖቹን ለሽርክናው ሊሰጥ አይፈልግም፤ ከነሐሴ በኋላም የእርሱ ናቸው። ስለዚህ በታወቀ ኪራይ፣ ለስድስቱም በወር 12,000 ብር፣ ለሽርክናው ይከራያሉ። የአራት ወሩ ኪራይ 48,000 ብር ከወጪው ጋር ይደመራል፤ ትርፍ ቢገኝም ባይገኝም የሚከፈል ነው። ኪራዩ ስለ መኪናው የሚከፈል ዋጋ እንጂ ስለ ካፒታል የሚከፈል አይደለምና።

አሁን ወደ ትርፉ እንመለስ። ሁሉ ነገር በሰላም ቢያልፍ አንድ ሺሁ ልብስ እያንዳንዱ በ620 ብር ተሸጦ 620,000 ብር ይገኛል። ኪራዩን ጨምሮ ወጪው 500,000 ብር ነው፤ ትርፉ 120,000። መደብሩ በአራት ወር 60,000 ብር ይወስዳል፤ ለስፌት ድርጅቱም 60,000 ይቀራል። ትርፉን እኩል ለመካፈል ቢስማሙም ውጤቱ ያው በሆነ ነበር። የተሳካ ዓመት ሁለቱን ውሎች አይለይም፤ ስለዚህም «ምን ልዩነት አለው?» የሚለው ጥያቄ ለብዙዎች እውነት ይመስላል። ትርፉ 50,000 ብር ብቻ በሆነበት ዓመት ግን መደብሩ ትርፉን በሙሉ ከወሰደ በኋላ 10,000 ብር ከባልደረባው ካፒታል ላይ ይወስዳል። በእነዚያ አራት ወራት የሠራው ወገን ያለ አንዳች ድርሻ ቀርቶ ጭራሽ ከፋይ ሆነ። ዑለማዎች ለአንዱ ሸሪክ የተወሰነ የገንዘብ መጠን መወሰንን የከለከሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ የተወሰነው መጠን የትርፉ ሁሉ ልክ ሆኖ ሽርክናው ሊቋረጥ ይችላል። ኢብኑል ሙንዚር በሙዷረባ ውል የተወሰነ ዲርሃም ለአንዱ መወሰን ውሉን እንደሚያፈርስ የዑለማዎችን ስምምነት ዘግበዋል፤ የሸሪካው ፍርድም በዚህ ላይ አንድ ነው።

እዚህ ላይ ደብዳቤ አንባቢው ሊጠነቀቅበት የሚገባ የቃል ወጥመድ አለ። መደብሩ ምክር ሲሰጠው 15,000 ብር የሚለውን ሰርዞ «በወር አምስት ከመቶ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። አምስት ከመቶ የምን? የካፒታሉ ከሆነ የ300,000 ብር አምስት ከመቶ 15,000 ብር ነው፤ ቁጥሩ ልብስ ቀየረ እንጂ አልተነካም። የሚፈቀደው መቶኛ ከተገኘው ትርፍ ላይ የሚሰላው ብቻ ነው። በሌላ በኩል መደብሩ ለቤት ወጪው በየወሩ ገንዘብ የሚፈልግ ከሆነ ይህ ሊከለከል አይገባም፤ 15,000 ብሩን በመጨረሻው ሒሳብ የሚታሰብ ቅድሚያ አድርጎ ይወስዳል፤ ድርሻው ከዚያ ካነሰ ይመልሳል፤ ከበለጠም ይጨመርለታል። ልዩነቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል፤ ያ ዓረፍተ ነገር ግን ሁሉን ይለውጣል።

ትርፉ እኩል ይሁን ካልን የሚነሳ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ካፒታሉ 60 ለ40 ሆኖ ሳለ ትርፉ 50 ለ50 ሊሆን ይችላልን? በሐነፊይና በሐንበሊይ መዝሀቦች ይችላል፤ ሥራ እንደ ገንዘብ ትርፍን ያስገኛልና ብዙ የሚሠራው ብዙ ሊወስድ ይስማማሉ። ሐነፊዮች በዚህ ላይ ገደብ አላቸው፦ ላለመሥራት የተስማማው ሸሪክ ከካፒታሉ ድርሻ በላይ ሊወስድ አይችልም። በማሊኪይና በሻፊዒይ መዝሀቦች ግን ትርፍ ካፒታልን ይከተላል፤ ስለዚህ 60 ለ40 ይሆናል። በሻፊዒይ መዝሀብ ከዚህ የተለየ ሸርጥ ቢቀመጥ ውሉ ይፈርሳል፤ ትርፉ በካፒታል ልክ ተከፍሎ እያንዳንዱ በባልደረባው ንብረት ላይ ለሠራው ሥራ የተለመደውን የሥራ ዋጋ ይጠይቃል። በሀገራችን ሁለቱም መዝሀቦች፣ ሻፊዒይም ሐነፊይም፣ የሚማሩባቸው አካባቢዎች ስላሉ አንዱ ሸሪክ በአንዱ ላይ፣ ሌላው በሌላው ላይ ተመሥርቶ ሊከራከር ይችላል። በእኛ አስተያየት ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የሐነፊዮችና የሐንበሊዮች አቋም ይበልጥ ይመቻል፤ ከስፌቱ ድርጅት ሥራ ውጭ ጨርቁ ልብስ አይሆንምና። የሥራ አስኪያጁ ድካምም በደመወዝ ሳይሆን በዚህ የትርፍ ጭማሪ ይካካሳል። የተመረጠው መዝሀብ ግን በደብዳቤው ውስጥ በስሙ ይጠቀስ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ኪሳራ ነው፤ በእርሱ ላይ መዝሀቦቹ አይለያዩም። ኪሳራ ምንጊዜም በካፒታል ልክ ነው፤ በስምምነት አይለወጥም። የስፌት ድርጅቱ ግማሽ ትርፍ ስለሚወስድ ግማሽ ኪሳራ ይሸከም ማለት ፍትሐዊ ይመስላል፤ ብዙ ደብዳቤዎችም «ትርፍና ኪሳራን እኩል እንካፈላለን» ብለው ይጽፋሉ። ይህ የተለመደ ሐረግ ካፒታሉ እኩል ካልሆነ በስተቀር የማይጸና ሸርጥ ነው።

የመደብሩ ደብዳቤ ከዚህም አልፎ ኪሳራውን በሁለት መንገድ ወደ ባልደረባው ያዞራል። አንዱ ያልተሸጠውን ልብስ ጨርቅ በመጀመሪያው ዋጋ የማስቀረት ግዴታ ነው። ይህ ሽያጭ ይመስላል፤ በውስጡ ግን ካፒታልን ማስዋስ ነው፤ ሸሪክ ደግሞ ለሸሪኩ ካፒታል ዋስ ሊሆን አይችልም። በዕለቱ የገበያ ዋጋ ወይም ያን ጊዜ በሚስማሙበት ዋጋ ለመግዛት ቃል መግባት ግን ይቻላል። ሌላው «ለሚደርሰው ማንኛውም ጉዳት ኃላፊ ይሆናል» የሚለው ነው። ደብዳቤ ለሚያነብ ሰው እዚህ ላይ አንድ መፈተኛ እናቀርባለን። «ማንም ሳያጠፋ መጋዘኑ በእሳት ቢቃጠል እያንዳንዱ ወገን ስንት ይከስራል?» ብሎ በደብዳቤው አንቀጾች መሠረት ያስላ። መልሱ መደብሩ 300,000፣ የስፌት ድርጅቱ 200,000 ብር ካልሆነ፣ የትርፉ አንቀጽ ምንም ያህል ቢያምር፣ የሆነ ቦታ ላይ ዋስትና አለ።

ይህ ማለት ግን የሚሠራው ሸሪክ በምንም አይጠየቅም ማለት አይደለም። እጁ የአማና እጅ ነው፤ ድንበር ሲያልፍ፣ ችላ ሲል ወይም የተስማሙበትን ሲጥስ ይጠየቃል። የኃላፊነት አንቀጽ እውነተኛ ጥቅም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ድንበሩ ቀድሞ ካልተሰመረ ማለፉ አይታወቅምና። በምሳሌያችን እንየው። ሥራው ዘግይቶ አምስት መቶ ልብስ ብቻ በወቅቱ በ620 ብር ተሸጠ እንበል፤ 310,000 ብር። የቀረው አምስት መቶ ገበያው ካለፈ በኋላ በ300 ብር ተሸጠ፤ 150,000 ብር። ድምሩ 460,000፣ ኪሳራው 40,000 ብር ነው። የዘገየው መብራት በተደጋጋሚ ስለጠፋ ከሆነ መደብሩ 24,000፣ የስፌት ድርጅቱ 16,000 ብር ይከስራሉ። የዘገየው የስፌት ድርጅቱ በሐምሌ ወር መኪኖቹን ለሌላ ደንበኛ ትእዛዝ ስላዋለ ከሆነ ደግሞ፣ ደብዳቤው «እስከ ነሐሴ 15 መኪኖቹ ለዚህ ሥራ ብቻ ይውላሉ» የሚል ከነበረ፣ ስምምነቱን ጥሷልና የመደብሩን 24,000 ብር ይተካል። መደብሩ «ሊገኝ የነበረ ትርፌን» ብሎ 60,000 ብር ሊጠይቅ ግን አይችልም፤ የሚተካው የጠፋው ካፒታል እንጂ ያልተገኘው ትርፍ አይደለም። ደብዳቤው ስለ መኪኖቹ ዝም ብሎ ከሆነ ሁለቱ ወገኖች ወደ ኢማሙ ይመጣሉ፤ ኢማሙም በንግዱ ልማድ ምን ችላ ማለት ነው የሚለውን ከልብስ ሰፊዎች መጠየቅ ይገደዳል። መደብሩ የፈለገው ጥበቃም በዚህ አንቀጽ ሊገኝ ይችላል፤ ለጥፋት ብቻ የሚውል መያዣ ወይም ዋስ መጠየቅ ይፈቀዳልና።

በዚህ መሠረት የተስተካከለው ደብዳቤ ይህን ይመስላል፦

ጉዳዩ፦ የተማሪዎች ደንብ ልብስ በሽርክና ስለ ማምረትና ስለ መሸጥ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። መደብራችን ከድርጅታችሁ ጋር ከግንቦት 1 እስከ ነሐሴ 30 ድረስ አንድ ሺህ የተማሪ ደንብ ልብስ በጋራ ለማምረትና ለመሸጥ ያለውን ሐሳብ በአክብሮት ያቀርባል። እኛ በርክክቡ ቀን ሁለታችንም ባለንበት በገበያ ዋጋ የሚገመት፣ ግምቱም 300,000 ብር የሆነ ጨርቅ እናዋጣለን፤ እናንተ 200,000 ብር በጥሬ ገንዘብ ታዋጣላችሁ። ስድስቱ የስፌት መኪኖች የእናንተው ሆነው ለሽርክናው በወር 12,000 ብር ይከራያሉ። ወጪው ሁሉ ከተነሳ በኋላ የሚገኘውን ትርፍ እኩል እንካፈላለን፤ በዚህም የሐነፊይን መዝሀብ ይዘናል። በየወሩ የምንወስደው 15,000 ብር በመጨረሻው ሒሳብ የሚታሰብ ቅድሚያ ነው። ኪሳራ ቢደርስ በካፒታላችን ልክ፣ እኛ 60 ከመቶ፣ እናንተ 40 ከመቶ እንሸከማለን። ስፌቱንና ሠራተኞችን መምራት የእናንተ፣ ከትምህርት ቤቶች ጋር መዋዋልና መሸጥ የእኛ ሥራ ነው። መኪኖቹ እስከ ነሐሴ 15 ለዚህ ሥራ ብቻ ይውላሉ፤ ያለ ሁለታችን ፊርማ በዱቤ አይገዛም፤ አይሸጥም። ከሁለታችን አንዳችን ይህን ብንጥስ ወይም ችላ ብንል በዚያ ምክንያት የጠፋውን እንተካለን፤ ከዚህ ውጭ አንዳችን ለሌላው ካፒታል ዋስ አይደለንም። ገቢና ወጪ በአንድ መዝገብ ይጻፋል፤ መዝገቡም በየሳምንቱ ሐሙስ ለሁለታችንም ይታያል። ነሐሴ 30 ሳይሸጥ የቀረ ልብስ በዕለቱ ዋጋ ለውጭ ሰው ወይም ለአንዳችን ይሸጣል፤ ከዚያ ሒሳቡ ይዘጋል። መልሳችሁን እስከ ሚያዝያ 20 በጽሑፍ እንጠብቃለን።

መደብሩ ሽያጩን በራሱ ላይ የወሰደው በአጋጣሚ አይደለም። በመጀመሪያው ደብዳቤ ከጨርቁ ሌላ ምንም አልነበረውም፤ አሁን ግን የሽያጭ ጥረቱ ከራሱ ጥፋት ጋር ይያያዛል። ከትምህርት ቤት ጋር የተዋዋለውን ችላ ብሎ ልብሱ ቢቀር እርሱም በተራው ይጠየቃል።

የዚህ ደብዳቤ ተቀባይ «ተቀብለናል» ብሎ ከፈረመ ኢጃብና ቀቡል ተሟልቷል፤ በጽሑፍ የሚደረግ ስምምነት እንደ ቃል ነውና። «ተቀብለናል፤ ትርፉ ግን 55 ለ45 ይሁን» ብሎ ከመለሰ ግን የመጀመሪያውን ሐሳብ አልተቀበለም፤ ያቀረበው አዲስ ሐሳብ ነው፤ የመደብሩን መልስ ይጠብቃል። ሁለቱ በዚህ መካከል ጨርቁን ተረካክበው ሥራ ቢጀምሩ በየትኛው ክፍፍል እንደሚሠሩ አይታወቅም። ስለዚህ ጨርቁ ከመጋዘን የሚወጣው የመጨረሻው ፊርማ በምስክሮች ፊት ከሰፈረ በኋላ ይሁን።